ስለ እምነቴ መናወጥ በ«እኔ» እየጻፍኩ ነው፤ ሳልዋሽም፣ ሰው ሳላዋርድም እንዴት ልጨርሰው?

የቀድሞው መዘምር

ሰላም ለቤቱ። በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሠላሳዎቹን ያጋመስኩ ሰው ነኝ። ያደግኩት ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ከበሮ መትቻለሁ፣ በየንግሡ ነጭ ለብሼ ዘምሬአለሁ። አሁን እንደ ድሮው አላምንም። «ጭራሽ አላምንም» ብዬ ደግሞ መዝጋት አልችልም። ጾሙን እጾማለሁ፣ በተለይ እናቴ ቤት ስሆን። ወደ ሌላ ሃይማኖትም አልሄድኩም።

ይህን የሚመለከት ጥቂት ገጽ የሚሆን ጽሑፍ ይዣለሁ። በስሜ ይውጣ ወይስ በብዕር ስም የሚለውን ገና አልወሰንኩም። ችግሬ ይሄ ነው፦ መልሼ ሳነበው ግማሹ ክስ ይመስለኛል፣ ግማሹ ደግሞ የይቅርታ ልመና። አንዱን አንቀጽ ልለጥፈው፦

> የስቅለት ዕለት ጠዋት መስቀል ተሳልሜ ወደ ውስጥ ገባሁ። እንደ በግ ተደርድረን እንሰግዳለን። ማንም ለምን እንደሚሰግድ አይጠይቅም። ከልጅነታችን ጀምሮ እንዳንጠይቅ ተደርገን ነው ያደግነው። ሁሉም ነገር ባዶ መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። አክስቴ ስትሞት እምነቴም አብሯት ተቀበረ። ከዚያ በኋላ ነቃሁ።

እባካችሁ ሳትራሩ ንገሩኝ። ማመን አለማመኔን ሳይሆን አጻጻፌን።

እቴቴ (ቨርጂኒያ)

ልጄ፣ አይዞህ። ይሄ የሁሉም ሰው ፈተና ነው። አንድ ሱባኤ ያዝ። ጠበልም ግባ። ንስሐ አባትህን ደግሞ አትራቅ፣ ለእሳቸው ንገራቸው። የአክስትህን ነፍስ ይማር። እኔም በጸሎት አስብሃለሁ፣ የክርስትና ስምህን ጻፍልኝ።

የቀድሞው መዘምር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ እናቴ። የጠየቅኩት ግን ስለ ጽሑፉ ነበር። ቢሆንም ጸሎትዎን አልጠላም።

ወልደ ሰንበት

እኔ አማኝ ነኝ፣ ሰንበት ትምህርት ቤትም አስተምራለሁ። «ሳትራሩ» ስላልክ ልናገር። አንቀጽህን ያቆምኩት የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። በሰሙነ ሕማማት መስቀል መሳለም የለም። ካህናቱ እስከ ትንሣኤ አያሳልሙም። ከበሮ የመታ ሰው ይሄን እንዴት ይስታል?

ነገሬ ስህተት ለመልቀም አይደለም። እንደ እኔ ያለ አንባቢ እዚህ ጋ ሲደርስ «ይሄ ልጅ ድሮም ውስጡ አልነበረም» ብሎ ይዘጋዋል። ከዚያ በኋላ ወርቅ ብትጽፍ አይሰማህም። ስለ ስቅለት እየጻፍክ ደግሞ ጥብጠባው የታለ? በወይራ ቅጠል ጀርባችንን መታ መታ አድርገው ስግደት የሚጨምሩልን? የሚያውቅ ሰው እሱን አይረሳም።

«እንደ በግ» የምትለዋን ግን በክፉ አልወሰድኳትም። ለእኛ በግ መባል ስድብ አይደለም። አንተ ግን ለስድብ እንደተጠቀምክባት ያስታውቃል።

ብዕረኛዋ

ለዓመታት መጽሔት ላይ የሰው ጽሑፍ ሳርም ኖሬአለሁ። እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ብዙ መጥቶልኛል። ከየትኛውም ሃይማኖት ይምጣ፣ የሚወድቀው ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ነው።

አንቀጽህን እንደገና አንብበውና በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ላይ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ጠይቅ። አንደኛው ላይ «እኔ» ነህ። ሁለተኛው ላይ «እኛ» ሆንክ። ሦስተኛው ላይ «ማንም» ትላለህ። አራተኛው ላይ ተመልሰህ «እኛ» ነህ። ስለ ራስህ እጽፋለሁ ብለህ ተነሥተህ በሁለተኛው መስመር ስለ ምእመኑ ሁሉ ትመሰክራለህ። አጠገብህ የነበሩት ሴትዮ ለምን እንደሚሰግዱ ታውቃለህ? ጠይቀሃቸዋል? ካልጠየቅክ ያንን ዓረፍተ ነገር የመጻፍ መብት የለህም። ክስ የሚመስልህም ለዚህ ነው። አክብሮት የጎደለው ቃላቱ ላይ ሳይሆን እዚህ ጋ ነው። ቃላቱን ብታለዝባቸውም «እኛ» እስካለ ድረስ ክስ ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛ፣ «የገባኝ ያኔ ነው» ትላለህ። እስቲ እንመርምረው። ስንት ዓመትህ ነበር? በማግስቱ ምን አደረግክ? በትንሣኤ ሌሊት የት ነበርክ? ያን ቀን በእርግጥ ሁሉም ባዶ ሆኖ ከታየህ በማግስቱ የሆነ ነገር ተለውጦ መሆን አለበት። ካልተለወጠ ግን ያን ቀን የገባህ ነገር አልነበረም። ዛሬ የገባህን ወስደህ ለዚያ ልጅ እያጎረስከው ነው።

ሦስተኛ፣ የአክስትህ ነገር። «እምነቴም አብሯት ተቀበረ» ቆንጆ ናት። በጣም ስለምታምር ነው የጠረጠርኳት። ሰው «ለምን?» ሲለን አንድ የማያሻማ ምክንያት ማቅረብ እንፈልጋለን። ሞት ደግሞ ማንም የማይከራከረው ምክንያት ነው። የሆነው ግን እንደዚያ ነው ወይ?

የቀድሞው መዘምር

ይሄ ቀን ቆጠራ አስጨነቀኝ። ሀያ ሁለት ሀያ ሦስት ብሆን ነው። በትንሣኤ ሌሊት ዘምሬአለሁ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያም በኋላ ጥቂት ዓመታት አገልግያለሁ። አክስቴ የሞተችው ማገልገል ካቆምኩ በኋላ ነው። እንዲያውም በእሷ ተዝካር ላይ ሰዎች «የት ጠፋህ?» እያሉኝ ነበር።

የመስቀሉ ነገር ግን አሁንም ዓይኔ ላይ ነው። የካህኑ እጅ፣ የእንጨት መስቀል፣ የዕጣን ሽታ። የሌላ ቀን ትዝታ ከስቅለቱ ጋር ተጣብቆብኝ ይሆናል። ምን ላድርገው? ልሰርዘው?

ብዕረኛዋ

ከመሰረዝ የተሻለ አለ። «ያን ቀን ሳስብ መስቀል ስሳለም ይታየኛል። በሰሙነ ሕማማት ግን መስቀል መሳለም የለም» ብለህ ጻፈው፣ ከዚያ ቀጥል። ያመነውም የተጠራጠረውም አንባቢ እዚያ ጋ ያምንሃል። ትዝታህን እየመረመርክ እንደምትጽፍ ያያሉ። ሌላው አንቀጽ ላይ ይሄን ደጋግመህ አታድርገው እንጂ። አንዴ ይበቃል፣ ሦስት ጊዜ ሲሆን ማሽኮርመም ነው።

የምትችል ከሆነ ደግሞ የዚያን ጊዜ ማስረጃ ፈልግ። የድሮ ደብተር፣ ለጓደኛ የላክከው መልእክት፣ ፎቶ። ሰው የዚያን ጊዜ ራሱን ሲያስታውስ ብዙውን ጊዜ ከነበረው ይልቅ ብልህ አድርጎ ነው የሚያስታውሰው። በዚያ ዓመት በእጅህ የጻፍከው ነገር ግን ልክህን ይነግርሃል።

ፈላስፋው ከ6 ኪሎ

ወገን፣ ነገሩን አሳነሳችሁት። ይሄ ልጅ የትልቅ ባህል ወራሽ ነው። ዘርዓ ያዕቆብ በ17ኛው መቶ ዘመን ዋሻ ውስጥ ተቀምጦ በ«እኔ» ጥርጣሬውን ጽፏል። አውሮጳ ገና በእንቅልፍ ላይ እያለች ሃይማኖትን በሙሉ በምክንያት አፈራርሷል። ስለዚህ ወንድሜ፣ ስለ ጥብጠባና ስለ አክስት ትተህ ክርክርህን በቁጥር አስቀምጥ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ማስረጃ የሌለው ትዝታ ማንንም አያሳምንም።

ወልደ ሰንበት

ፈላስፋው፣ «ሐተታ» የሚባለውን የዘርዓ ያዕቆብን መጽሐፍ አንብቤዋለሁ። ግማሹን ልክ ነህ። ጸሐፊው በ«እኔ» ይጽፋል፣ የእምነት ልማዶችንም በምክንያት ይመረምራል። በፈጣሪ ግን ያምናል። ዋሻው ውስጥ ሆኖ በዳዊት መዝሙር ይጸልያል። እንደ ጾም ያሉ ሥርዓቶችን ይነቅፋል እንጂ «ሃይማኖትን በሙሉ አፈራረሰ» አይባልም። አውሮጳ ተኝታ ነበር የሚለውም አያስኬድም። መጽሐፉ ራሱ ተጻፍኩ የሚለው እ.ኤ.አ. በ1667 ነው። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴካርት ያኔ ከሞተ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል።

ደግሞ የደራሲው ማንነት ራሱ ያከራክራል። ብራናው አውሮጳ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ መጀመሪያ ነው። የላከው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ካፑቺን የካቶሊክ ሚስዮናዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920 ኮንቲ ሮሲኒ የተባለ ምሁር «ድርሰቱ የራሱ የሚስዮናዊው ነው» ብሎ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ደግሞ ክላውድ ሰምነር የተባለ ሌላ ምሁር የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብሎ ተከራከረለት። እስካሁን አልተዘጋም።

ፈላስፋው ከ6 ኪሎ

ኮንቲ ሮሲኒማ ጣሊያን ነው፣ ምን ትጠብቃለህ? ለማንኛውም ማን እንደጻፈው ምን ያደርጋል? ሐሳቡ ነው ወሳኙ።

ብዕረኛዋ

ለፍልስፍና ክርክር ይሆናል። በ«እኔ» ለተጻፈ ምስክርነት ግን እንዴት ምንም አያደርግም? መቶ ዓመት ሙሉ የሚጨቃጨቁት እኮ ለዚያ ነው። ዋሻውን፣ ስደቱን፣ ጸሎቱን ያመንነው «ይሄ ሰው እዚያ ነበር» ብለን ነው። ክርክር ቢሆን ማንም ይጻፈው፣ ስለ ራስ ሲሆን ግን ሰውዬው መኖር አለበት።

ቁጥር ያላቸው ክርክሮችንም አልደግፍም። ክርክር ስትጽፍ አንባቢው ይከራከርሃል፣ መብቱም ነው። ከዚያ ጽሑፉ ስለ አንተ መሆኑ ይቀርና ማን አሸነፈ ላይ ይወድቃል። ጥያቄዎችህን መደበቅ የለብህም። ግን ጥያቄው መቼ እንደመጣብህ፣ ምን እየሠራህ እያለ እንደመጣብህ ጻፈው። እዚያ ላይ ማንም «ተሳስተሃል» ሊልህ አይችልም።

ሐያት ዘወሎ

ጣልቃ ልግባ። እኔ ሙስሊም ቤት ነው ያደግኩት፣ ደሴ። የእኔ ጉዳይ ከእሱ ይለያል፣ እምነቴን አልተውኩም። ግን ባሕረ ሰላጤ አገር ሰው ቤት ስሠራ ለረጅም ጊዜ ሶላቴን ትቼ ነበር። ጊዜ አጥቼ አይደለም። ስጸልይ የሚሰማኝ እንደሌለ ስለተሰማኝ ነው። በኋላ ተመለስኩ፣ እንደ ድሮው ግን አይደለም። ይሄን ጽፌ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት።

የሆነውን ልንገራችሁ። አንዱ ወገን መጀመሪያ ያለውን ክፍል ብቻ ቆርጦ ወሰደና «እዩዋት፣ እነሱም እየተዉት ነው» እያለ አዞረው። ሌላው ወገን የመጨረሻውን ቆርጦ «አልሐምዱሊላህ ተመለሰች» አለ። የጻፍኩት መሀሉን ነበር። መሀሉን ማንም አልፈለገውም። አንተም አስብበት። ያንተን ደግሞ ይቆርጡታል።

የቀድሞው መዘምር

ሐያት፣ ይሄን ፈርቼ ነበር። እንዳይቆረጥ ማድረግ ይቻላል?

ሐያት ዘወሎ

አይቻልም። ግን ሁለተኛ ብጽፈው አንድ ነገር እቀይር ነበር። «ሶላት ተውኩ» የሚለውን ለብቻው ዓረፍተ ነገር አላደርገውም። «ሶላት ትቼ፣ ጁምዓ ሲመጣ ግን ልብሴን እየቀየርኩ» ብዬ አብሬ አስረው ነበር። እውነቱም እንደዚያ ነበር። ሁለቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከሆኑ የሚቆርጠው ሰው ቢያንስ ይቸገራል።

አንድ ሌላ ነገር። አሁን ባሕረ ሰላጤ ያላችሁ ልጆች ይሄን አንብባችሁ እንዳትጽፉ። በስማችሁ ቢሆን በሌላ ስም፣ ስልካችሁ የእናንተ ነው። ሳውዲን በመሰለ አገር ጉዳዩ የሕግ ጉዳይ ይሆናል። እኔ የጻፍኩት አገሬ ገብቼ ነው።

ብዕረኛዋ

የሐያትን ምክር ለጀማሪዎች ሁሉ ባስተምረው ደስ ይለኛል። «ነቃሁ» የምትለዋንም ሳልረሳት። አንተ ነቃህ ስትል እናትህ ተኝተዋል ማለት ነው። ማለት የፈለግከው ያንን ከሆነ በግልጽ በለው። ካልሆነ አውጣት።

የቀድሞው መዘምር

እሺ፣ ከሰሞኑ ተቀምጬ እንደገና ሞከርኩት። ይኸው፦

> የስቅለት ዕለት፣ የ9 ሰዓቱ ንባብ ካለቀ በኋላ ነው። ያን ቀን ሳስብ መስቀል ስሳለም ይታየኛል። በሰሙነ ሕማማት ግን መስቀል መሳለም የለም። ጉልበቴ ዝሏል። ኪርያላይሶን ሲባል እወድቃለሁ፣ እነሳለሁ። አጠገቤ አንዲት አሮጊት ነበሩ። መሬቱን በሁለት እጃቸው ተደግፈው ነው የሚነሡት። ስንት እንደቀረን እየገመትኩ ነበር። ልጅ ሆኜ በዚህ ቀን አለቅስ ነበር። በዚያ ዓመት እንባው አልመጣም። ደክሞኝ ነው፣ አክፍዬም ነበር፣ ብዬ አለፍኩት። ማታ ካህኑ በወይራ ጀርባዬን መታ መታ አድርገው ስግደት ጨመሩልኝ። ቤት ገብቼ የተባልኩትን ሰገድኩ። በትንሣኤ ሌሊት ዘመርኩ፣ ደስም አለኝ። ያንን ቀን «መጀመሪያው ነበር» ማለት የጀመርኩት ከዓመታት በኋላ ነው። እውነት መጀመሪያው ይሁን አይሁን እንጃ።

አክስቴን አውጥቻታለሁ። ሌላ ቦታ ትገባለች፣ በተዝካሯ ቀን።

ወልደ ሰንበት

አሁን እዚያ ቤት ውስጥ የነበርክ ሰው ነህ። በመደምደሚያህ አልስማማም፣ ግን ቃል በቃል አነበብኩት። «ደክሞኝ ነው» ያልከውን ደግሞ እኔም ብዬ አውቃለሁ። እዚህ ላይ ልተወው።

አንድ ጥያቄ። በሌሎቹ ገጾች ላይ ጥሩ የነበረውን ጽፈኸዋል? ማኅሌቱን፣ የከበሮውን ነገር? ከጻፍከው «ደስ ይል ነበር» ብለህ አትለፈው። ጥርጣሬህን በዚህ ዝርዝር ጽፈህ ደስታህን በአንድ መስመር ካለፍከው ሚዛኑ ይጋደላል።

የቀድሞው መዘምር

እውነት ነው፣ አንድ መስመር ነው የሰጠሁት። ያልጻፍኩት ሳይናፍቀኝ ቀርቶ አይደለም። ከጻፍኩት «ታዲያ ለምን ትተህ ሄድክ?» የሚለኝ ሰው ይኖራል፣ መልስ ደግሞ የለኝም። ለማንኛውም እጨምረዋለሁ።

ሌላ የከበደኝ ገጽ አለ። ንስሐ አባቴ ናቸው። የሆነ ጊዜ ጥርጣሬዬን ስነግራቸው አንድ መልስ ሰጡኝ። መልሱ ጎድቶኛል። ጽሑፌ ውስጥ ቃል በቃል ነው ያስቀመጥኩት። እዚህ አልጽፈውም።

ወልደ ሰንበት

ይሄን ገጽ እባክህ አስብበት። ካህን በንስሐ የሰማውን ማውጣት አይችልም። አንተ ግን ያሉህን ጽፈህ ለሺህ ሰው ልታሳይ ትችላለህ። እሳቸው «እንደዚያ አላልኩም» ወይም «ከዚያ በፊት እንዲህ ብሎኝ ስለነበር ነው» ብለው መመለስ አይችሉም። አፋቸው የታሰረን ሰው ነው የምትከሰው።

ፈላስፋው ከ6 ኪሎ

ይሄ ነው እንግዲህ! ካህን ክፉ ነገር ቢሠራስ? ዝም ይባል ማለት ነው? ስንቱ በዚህ «አክብሮት» ስም ታፍኗል።

ብዕረኛዋ

ፈላስፋው እዚህ ላይ ትክክለኛ ጥያቄ አንሥቷል። ሁለቱን ግን እንለያቸው። ካህኑ በደል ፈጽመው ከሆነ ያ በግል ትረካ መሀል ሹልክ ብሎ የሚያልፍ ነገር አይደለም። ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፣ በግልጽ ይነገራል፣ ለሚመለከተውም ይቀርባል። ይሄ ልጅ የሚያወራው ግን ስለ አንድ ከባድ ወይም ያልተሳካ መልስ ነው። እንዲያ ከሆነ ያንተ የሆነውን ክፍል ጻፍ። ምን ብለህ እንደጠየቅክ፣ ለመጠየቅ ምን ያህል እንደፈራህ፣ ወጥተህ በየት በኩል እንደሄድክ፣ ለምን ተመልሰህ እንዳልሄድክ። የእሳቸውን ቃል ሳታስገባ «የሰጡኝ መልስ ከበደኝ» ብትል አንባቢው ይበቃዋል። ቃሉን ካስገባህ ሁሉም ሰው ቃሉ ላይ ይራኮታል፣ አንተን ይረሳሃል።

የቀድሞው መዘምር

እንደዚያ ሲሆን ገጹ በጣም ያጥራል።

ብዕረኛዋ

ይጠር።

እቴቴ (ቨርጂኒያ)

ልጆቼ፣ ቅድም ነገሩ አልገባኝም ነበር። አሁን ሁሉንም አነበብኩት። እኔም የምለው አለኝ።

የእኔ ሁለተኛው ልጅ እንዲህ ጽፎ ነበር። በእንግሊዝኛ ነው የጻፈው፣ እዚሁ አሜሪካ። እኔ የሰማሁት ከጽዋ ጓደኛዬ ነው። «ልጅሽ ስላንቺ ጽፏል» አለችኝ። ሴት ልጄ ተርጉማ አነበበችልኝ። እምነቱን መጠራጠሩን አውቅ ነበር። እናት ነኝ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ፊቱን አያለሁ። እሱ አላስከፋኝም። ያስከፋኝ፣ ልጅ ሆኖ በጾም ወተቱን እደብቅበት እንደነበር መጻፉ ነው። ሐሰት አይደለም። ደብቄአለሁ። ግን ሰው ጨካኝ አድርጎ አሰበኝ። እኔ የደበቅኩት እሱ ራሱ «እማዬ፣ ካየሁት እጠጣዋለሁ፣ ደብቂብኝ» ስላለኝ ነው! ያንን ረስቶታል። ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር።

ስለዚህ ልጄ፣ ለእናትህ መጀመሪያ አንብብላት። ከሰው አፍ አትስማው።

ብዕረኛዋ

እቴቴ፣ ሙሉውን ክር የሚያስንቅ ነገር ነገሩን።

መዘምር፣ ለእናትህ ስታነብ «ወደድሽው?» አትበላቸው። ሊወዱት አይገደዱም፣ አንተም ለመወደድ ብለህ ትቆርጠዋለህ። ሁለት ነገር ብቻ ጠይቅ፦ ስለ እርስዎ የጻፍኩት ውስጥ ያልሆነ ነገር አለ? ሰው እንዲያውቀው የማይፈልጉት ነገር አለ? ለመጀመሪያው መልስ ካለ ታርመዋለህ። ለሁለተኛው መልስ ካለ በእኔ አስተያየት ታወጣዋለህ። ስለ ራስህ ያለውን ግን ማንም አያስወጣህም።

ፈላስፋው ከ6 ኪሎ

እናት አንብባ የምትፈቅደው ጽሑፍ ሐቀኛ ሊሆን አይችልም። ይሄን ይዤ እሞታለሁ።

ሐያት ዘወሎ

ሃሃ፣ እናትህን አታውቃቸውም ማለት ነው።

የቀድሞው መዘምር

የብዕር ስሙ ጉዳይ ቀርቶኛል። ስሜን ብደብቅ ይሻላል?

ብዕረኛዋ

ስም መደበቅ የምታስበውን ያህል አይደብቅህም። ሰውን የሚያስይዘው የዝርዝሮቹ መገጣጠም ነው። ከበሮ መቺ፣ ያ ሰፈር፣ ያ የንግሥ ቀን፣ አክስት የሞተችበት ዓመት። እያንዳንዱ ለብቻው ምንም አይልም። አራቱ አንድ ላይ ሲሆኑ የድሮ ጓደኞችህ በሁለተኛው አንቀጽ ላይ ስምህን ይጠራሉ። አንተን ለይተው ካወቁ ደግሞ ካህኑንም አወቁ። ስለዚህ ሰፈሩንና በዓሉን መቀየር ትችላለህ፣ መቀየርህንም ለአንባቢው በአንድ መስመር ንገረው። የነገሩን ሂደት ግን አትቀይር። ማገልገል ካቆምክ በኋላ የሞተችውን አክስት ከዚያ በፊት እንድትሞት ካደረግካት ልብ ወለድ ሆነ።

እኔ ብሆን በስሜ አላወጣውም ነበር፣ ቢያንስ አሁን። ገና መሀሉ ላይ ነህ። ዛሬ የጻፍከው ከአምስት ዓመት በኋላ እንደ ማኅተም ይጫንሃል። ወደ ቤተ ክርስቲያን ብትመለስም፣ ጨርሰህ ብትወጣም ሰው ያንን ነው የሚጠቅስብህ።

ወልደ ሰንበት

በዚህ ላይ ከብዕረኛዋ ጋር አልስማማም። ይገርማል፣ አማኙ እኔ ነኝ። በስምህ አውጣው እላለሁ። ስም የሌለው ሰው ስለ እኛ ሲጽፍ ከየት እንደመጣ አናውቅም፣ ተልኮ ነው እንላለን። እናውቀዋለን የምንለው ልጅ ሲሆን ግን ቢያንስ እናዳምጣለን። ከምንቀየመው ቂም የምናገኘው ይበልጣል ባይ ነኝ።

ሐያት ዘወሎ

ለወንድ ቀላል ነው። እኔ በስሜ ጽፌ ሁለት ሽማግሌ የላከ ሰው ቀርቶብኛል።

ወልደ ሰንበት

ይሄን አላሰብኩትም። ልክ ነሽ።

የቀድሞው መዘምር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስሙን አልወሰንኩም። እናቴ ሰኔ ላይ ከክፍለ ሀገር ትመጣለች፣ ያኔ አነብላታለሁ። የንስሐ አባቴን ገጽ ወደ ግማሽ አውርጄዋለሁ፣ አሁንም አንድ ቃላቸው ውስጡ አለ። ልቤ አላወጣውም። ወልደ ሰንበት፣ የማኅሌቱን አንቀጽ ስጨርስ ብልክልህ የሥርዓቱን ነገር ታይልኛለህ?

ወልደ ሰንበት

ላክ። ሥርዓቱን ብቻ ነው የማየው። የትኛው የንግሥ ማኅሌት እንደሆነ ግን አስቀድመህ ንገረኝ።